ሪክሩተሩ ዝም ሲል ማንን ልጠይቅ?

*ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሥራዬ ሒሳብ ክፍል ነው። በአንድ ኤጀንሲ በኩል ቤተስዳ ያለ ትልቅ ድርጅት ኢንተርቪው አደረግኩ። ማናጀሯ በጣም ወዳኝ ነበር፤ ካርዷንም ሰጠችኝ። ሪክሩተሩ «እስከ ዓርብ እነግርሻለሁ» ብሎኝ ያ ዓርብ ካለፈ ሳምንት ሆነው። ቴክስት ባደርግለት «እስካሁን ምንም አልሰማሁም» ብሎ ዝም አለ። በሌላ በኩል በራሴ ያመለከትኩበት ሮክቪል ያለ ትንሽ ቢሮ ሥራውን ሰጥቶኛል፤ እስከ ረቡዕ መልስ ይፈልጋል። የሮክቪሉ በሰዓት 27 ዶላር ነው፣ የቤተስዳው በኮንትራት 30። ጓደኛዬ «ካርዷ እያለሽ ምን ያስፈራሻል፣ ደውይላት» ትለኛለች። እዚያው ድርጅት የሚሠራ የባለቤቴ ዘመድም «እኔ ልጠይቅልሽ» ብሏል። ምን ላድርግ?*

እህቴ፣ ረቡዕ ቅርብ ስለሆነ መልሱን ከፊት ላስቀምጥልሽ። ለማናጀሯ አትደውዪ። የባለቤትሽ ዘመድም እንዳይጠይቅልሽ ዛሬውኑ ንገሪው። ለሪክሩተሩ ሰኞ ጠዋት ደውዪ፤ ቴክስት ሳይሆን ስልክ። የሮክቪሉን ቢሮ ደግሞ ራስሽ በቀጥታ ጠይቂ፣ ሁለት ቀን ይጨምሩልሽ።

አንዱን በቀጥታ፣ ሌላውን በሰው በኩል የምልሽ ለምን እንደሆነ ግን ማወቅ አለብሽ። ካላወቅሽው ማክሰኞ ማታ ትዕግሥትሽ ያልቅና ስልኩን ታነሺያለሽ።

እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ያለ ኤጀንሲ ቢሮ ተቀምጬ ሰው አስቀጥር ነበር። ከዚያ ወንበር ላይ የሚታየው ነገር ከሥራ ፈላጊው ወገን ከሚታየው በጣም ይለያል። መጀመሪያ ገንዘቡን እንይ፤ ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከሱ ነው።

ላንቺ በሰዓት 30 ዶላር የሚከፍለው ኤጀንሲው ነው። ኤጀንሲው ደግሞ ድርጅቱን ከዚያ በላይ ያስከፍላል። ለምሳሌ 44 ይሁን። መሐል ላይ 14 ዶላር አለ። ሁሉም ትርፍ አይደለም። አሠሪ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለው 7.65 ከመቶ ብቻውን ከ30 ዶላሩ ላይ 2 ዶላር ከ30 ሳንቲም ገደማ ነው። የሥራ ጉዳት ኢንሹራንስ አለ፣ የቢሮ ወጪ አለ። ቢሆንም በሳምንት 40 ሰዓት ብትሠሪ 14ቱ ዶላር 560 ይሆናል። በየሳምንቱ ማለት ነው። ድርጅቱ በኋላ ቋሚ ላድርጋት ቢል ደግሞ ብዙ ጊዜ ለኤጀንሲው የሚከፈል ሌላ ገንዘብ በውላቸው ላይ ተጽፏል።

ከዚህ ሁለት ነገር ተረጂ። አንደኛ፣ ሪክሩተሩ አንቺ እንድትቀጠሪ ይፈልጋል። ጥሩ ዜና ይዞ ዝም የሚልበት ምክንያት የለውም። «ይፈልጉሻል» የሚል መልስ ቢደርሰው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይደውልልሽ ነበር። ሁለተኛ፣ የሚከፍለው ድርጅቱ ነው። ስለዚህ አንቺን ይወድሻል፣ የሚፈራው ግን እነሱን ነው። በየቀኑ እየደወለ ቢነዘንዛቸው የሚቀጥለውን ሥራ ለሌላ ኤጀንሲ ይሰጡበታል።

አሁን ወደዚያች «ምንም አልሰማሁም» ወደምትለው ቴክስት እንምጣ። አንቺ «እየሸወደኝ ነው» ብለሽ ሳትወስጃት አትቀሪም። እኔ ግን እውነቱን ሊሆን ይችላል ባይ ነኝ። በብዙ ኤጀንሲዎች ካንቺ ጋር የሚያወራው ሪክሩተር ከድርጅቱ ጋር አያወራም። ከድርጅቱ ጋር የሚያወራው አካውንት ማናጀር የሚባል ሌላ ሰው ነው። ማናጀሯ የወሰነችውን ለኤችአር ወይም ለግዢ ክፍሉ ትነግራለች፣ እነሱ ለአካውንት ማናጀሩ፣ እሱ ለሪክሩተሩ፣ ሪክሩተሩ ላንቺ። ከነዚህ አንዱ እረፍት ላይ ከሆነ ወሬው እዚያው ቆሞ ይቀራል።

ትልልቅ ድርጅቶች ጋ ከዚህም ይብሳል። ብዙዎቹ ኮንትራት ሠራተኛ የሚወስዱት እንደ ፊልድግላስ ወይም ቢላይን ባለ ሲስተም ነው። ኤጀንሲው ሬዙሜሽን እዚያ ላይ ይጭናል፤ መሐል ላይ ኤጀንሲዎቹን የሚያስተዳድር ሌላ ኩባንያም ይቀመጣል። እንዲህ ሲሆን ኤጀንሲው ማናጀሯን በቀጥታ እንዳያናግር የሚከለከልበት ጊዜ ብዙ ነው። የሚያየው ስክሪኑ ላይ ያለውን አንድ ቃል ብቻ ነው፣ እንደ `Submitted` ያለ። ከኢንተርቪውሽ በኋላም ያ ቃል ሳይቀየር ሊቆይ ይችላል። ሪክሩተሩ ሙሉ ቀን ቢያፈጥበት ሌላ ነገር አይነግረውም።

«ታዲያ እሱ የማያውቀውን እኔ ካርዷን ይዤ ለምን አልጠይቅም?» ትይ ይሆናል። ጥያቄሽ ልክ ነው። መልሱ ያለው ኢሜይልሽ ውስጥ ነው። አሁን ክፈቺና `Right to Represent` ብለሽ ፈልጊ። ካልመጣልሽ ሪክሩተሩ ሬዙሜሽን ከመላኩ በፊት የጻፈልሽን ፈልጊ። «ለዚህ ሥራ፣ በዚህ ድርጅት፣ በሰዓት በዚህ ክፍያ እንድንወክልሽ ተስማምተሻል?» የሚል ነገር አለበት። አንቺም «አዎ» ብለሽ መልሰሻል። ብዙ ሰው ሳያነበው ነው የሚመልሰው። በዚያች አንድ ቃል ለዚህ ሥራ ስላንቺ የሚናገረው ኤጀንሲው እንዲሆን ፈቅደሻል። ድርጅቱና ኤጀንሲው በመሐላቸው ባለው ውል ደግሞ ኤጀንሲው ያቀረበውን ሰው ድርጅቱ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በሌላ መንገድ ከቀጠረ ክፍያው አይቀርለትም። ያ ጊዜ ብዙውን ጊዜ 6 ወር ወይም አንድ ዓመት ነው።

እንግዲህ ማናጀሯ ጋ ደወልሽ እንበል። «ሃይ፣ ባለፈው ኢንተርቪው ያደረግኩት ነኝ፣ ውሳኔው የት ደረሰ ብዬ ነው» አልሻት። ደንገጥ ትላለች። የድርጅቷ ሕግ በኮንትራት የሚመጡ ሰዎችን በቀጥታ አታናግሪ የሚላት ከሆነ ምንም ልትነግርሽ አትችልም። «በኤጀንሲሽ በኩል እናሳውቅሻለን» ብላ በትሕትና ትዘጋዋለች። ከዚያ ለኤችአር ትጽፋለች፤ ኤችአር ለአካውንት ማናጀሩ ይጽፋል፤ አካውንት ማናጀሩ ለሪክሩተሩ ይደውላል። እኔ ወንበሩ ላይ ሳለሁ እንዲህ ያለ ስልክ ሲደርሰን ቀኑ ሳይመሽ ነበር የምንሰማው። ኤጀንሲው የሚያስበው ምን መሰለሽ? «ይቺ ልጅ ክፍያችንን ልታሳጣን ነው።» አንቺ ያሰብሽው ሌላ ነው፣ ገባኝ። እነሱ ግን ያንቺን ሐሳብ ማየት አይችሉም። ድርጅቱም በበኩሉ «ነገ ከኤጀንሲው ጋር የክፍያ ጭቅጭቅ ያመጣብናል» ብሎ ይፈራል። ካንቺ ጋር እኩል የሆነች ሌላ ልጅ ካለች ጭቅጭቅ የሌለባትን ይወስዳሉ።

ካርዷስ? ካርድ መስጠት አሜሪካ ውስጥ ጨዋነት ነው። እኛ አገር ስልክ ቁጥር ሲሰጥሽ «ደውዪልኝ» ማለት ነው። እዚህ ኢንተርቪው ላይ የተሰጠ ካርድ «ስሜ ይኸው» ከማለት ብዙም አያልፍም። ኢንተርቪው ባደረግሽ ማግሥት በካርዱ ላይ ባለው ኢሜይል አጭር ምስጋና ብትጽፊ፣ ለሪክሩተሩም ነግረሽው ቢሆን፣ ማንም አይከፋም ነበር። እሱ ጊዜ ግን አልፏል። አሁን የምትልኪው ምስጋና ምስጋና አይመስልም፤ ውሳኔውን የሚጎተጉት ነው የሚመስለው።

የባለቤትሽ ዘመድ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ዲሲ አካባቢ መቼም ሐበሻ የማይሠራበት ሕንጻ የለም። ሁሌም «እኔ አውቃታለሁ፣ ልጠይቅልሽ» የሚል ይገኛል። በቅንነት ነው፣ አልጠራጠርም። ግን እሱ ጠየቃት ማለት አንቺ ደወልሽ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ምን ብሎ እንደጠየቀ አለማወቅሽ ነው። «እህታችን ናት፣ እባክሽ እርጃት» ቢላትስ? እንዲያውም ማናጀሯ ነገሩን ለኤችአር ማስታወቅ ሊኖርባት ይችላል። እሱም የራሱን ሥራ ያስነካል። ከተቀጠርሽ በኋላ ምሳ አብራችሁ ትበላላችሁ፤ ለአሁኑ ስምሽን ባያነሳ ይሻላል።

ወደ ስልኩ እንመለስ። ሰኞ ጠዋት ለምን ስልክ አልኩሽ? ለቴክስት «እስካሁን የለም» ብሎ መመለስ ቀላል ነው። በስልክ ግን ተከታታይ ጥያቄ መጠየቅ ትችያለሽ፤ የድምፁንም ነገር ትሰሚያለሽ። ካላነሳ አጭር መልእክት ተይና ወዲያው ኢሜይል ላኪ። ይሉኝታሽን ለዚህች ስልክ ተይው። የምትደውዪው ልመና አይደለም፤ እሱ ለድርጅቱ ሊናገረው የሚችል ነገር ይዘሽለት ነው የምትመጪው። የያዝሽውም የረቡዑን ቀጠሮ ነው።

እንዲህ በዪው፦ «በጽሑፍ የደረሰኝ ሌላ ሥራ አለ፤ እስከ ረቡዕ ማታ መልስ መስጠት አለብኝ። እኔ የምመርጠው የቤተስዳውን ነው። ከረቡዕ በፊት የሚያውቁት ነገር ካለ ዛሬ ልታጣራልኝ ትችላለህ?»

ይህ ከ«ምን አዲስ ነገር አለ?» በምን ይሻላል? «ምን አዲስ ነገር አለ?» ለሪክሩተሩ ምንም አይሰጠውም። ይህንን ለድርጅቱ ይዞ ቢሄድ ነዝናዛ ይሆናል። «የምትፈልጓት ልጅ ረቡዕ ልታመልጣችሁ ነው» ይዞ ሲሄድ ግን ወሬ ነው የያዘው። አካውንት ማናጀሩ ለኤችአር፣ ሲስተም ካለም ለመሐለኛው ኩባንያ፣ ያለ ሀፍረት ሊጽፈው የሚችል ነገር ነው። የሚሉት ቃል እንኳን ተዘጋጅቶ ይቀመጥላቸዋል።

እሱ ወዲያው አንድ ነገር ይጠይቅሻል፦ «30 ዶላር ዛሬ ቢሰጡሽ ትቀበያለሽ?» ይህን ሁሉም ሪክሩተር ይጠይቃል። ሄዶ አስጨንቋቸው ሲያበቃ አንቺ እምቢ ብትይ ፊቱን የሚያሳይበት የለውም። ስለዚህ መልሱን ከመደወልሽ በፊት ከባለቤትሽ ጋር ጨርሺው። «አዎ» ካልሽ አዎ ይሁን። እያመነታሽ ከሆነ «እኔ የምመርጠው የቤተስዳውን ነው» የምትለዋን ሐረግ አውጫት።

ሁለት ነገር አትንገሪው። የሮክቪሉን ቢሮ ስም አትንገሪው። ሒሳብ ሠራተኛ የሚፈልግ ቢሮ ለኤጀንሲ ገበያ ነው፤ ስልኩን እንደዘጋሽ «ሌላም ጥሩ ሰው አለን» ብሎ ሊደውልላቸው ይችላል። ክፋት አይደለም፣ እንጀራው ነው። «ሮክቪል አካባቢ ያለ ትንሽ ቢሮ» ካልሽው ይበቃዋል። የሌለ ነገርም አትጨምሪ። «32 ሰጡኝ» ብትይው «በጣም ጥሩ፣ ተቀበዪው» ብሎ ሊሰናበትሽ ይችላል፤ ያኔ መመለሻ የለሽም።

ከዚያ ተራው ያንቺ ጥያቄ ነው። ከድርጅቱ ጋር የሚያወራው እሱ ነው ወይስ አካውንት ማናጀሩ? መጨረሻ የተነጋገሩት መቼ ነው? ሥራው አሁንም ክፍት ነው ወይስ ቆሟል? ገና ኢንተርቪው የሚያደርጉት ሰው አለ? እነዚህን በግልጽ መጠየቅ ትችያለሽ። ከኤጀንሲ ጋር መሥራት አንዱ ጥቅሙ ይኼ ነው። እዚያው ድርጅት የተቀጠረ የኤችአር ሰው ጋ «ስንት ሰው ቀረ?» ብትይ ያስተዛዝባል። ሪክሩተር ጋ ግን የተለመደ ጥያቄ ነው። እሱ አንቺን የሚሸጥ ነው እንጂ አንቺን የሚመዝን አይደለም። ሲያቀርብሽ መዝኖ ጨርሷል።

መልሱን ስትሰሚ ቀኑን አድምጪ። «ሐሙስ ለመጨረሻዋ ሰው ኢንተርቪው ያደርጋሉ፣ ዓርብ ይወስናሉ» ካለሽ አንድ የሚያውቅ ሰው አነጋግሯል ማለት ነው። «ወደውሻል፣ ሂደት ላይ ነው» ብቻ ካለሽና ምንም ቀን ከሌለበት፣ ወይ አያውቅም፣ ወይ አንቺ ሁለተኛ ነሽ። ሁለተኛ የሆነን ሰው ድርጅት ቶሎ አያሰናብትም። አንደኛዋ እስክትቀበል፣ የጀርባ ምርመራዋም እስኪያልቅ ድረስ ሁለተኛዋን ያቆዩአታል። ይህ ደግሞ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። «አሁንም ሥራ ትፈልጊያለሽ አይደል?» የሚል ጥያቄ ከመጣ እኔ እንደዚያ ነው የምጠረጥረው። «በጀቱ እስኪጸድቅ ቆሟል» ካለሽ ደግሞ ሥራውን ከሐሳብሽ አውጪው። ይመለስ ይሆናል፤ ግን በሱ ላይ ቀን አትቁጠሪ።

ስልኩን ከመዝጋትሽ በፊት ቀጠሮ ያዢ። «ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት እደውልልሃለሁ፣ የሰማኸው ነገር ባይኖርም።» የመጨረሻዋ ሐረግ ትጠቅማለች። ሪክሩተሮች የሚጠፉት አብዛኛውን ጊዜ የሚሉት ስለሌላቸው ነው። ወሬ ባይኖርም እንደምትደውዪ ካወቀ መሸሽ የለበትም። ደግሞ 10 ሰዓት ያልኩሽ በኛ ነው፤ ለእሱ አራት ፒኤም በዪው።

ስልኩን እንደዘጋሽ ያላችሁትን በሦስት መስመር ኢሜይል አድርጊለት፦ የረቡዑን ቀን፣ ምርጫሽ የትኛው እንደሆነ፣ ማክሰኞ እንደምትደውዪ። የምትጽፊው ለሱ ብቻ አይደለም። ጥሩ ሪክሩተር ከሆነ ኢሜይልሽን እንዳለ ለአካውንት ማናጀሩ ያስተላልፋል። ስለዚህ ማናጀሯም ብታነበው የማያሳፍርሽ አድርገሽ ጻፊው፤ ወቀሳ አታስገቢበት።

ወደ ሮክቪል እንሂድ። እዚህ መሐል ላይ ማንም የለም። ያመለከትሽው ራስሽ ነሽ፣ የሚከፍልሽም የምታናግሪውም አንድ ነው። ስለዚህ ሰኞ ዕለት የሥራ ደብዳቤውን ለላከልሽ ሰው ጻፊ። ለሌላ ሰው አይደለም፤ ኢንተርቪው ላደረገልሽ አለቃም አይደለም፣ እሱ ራሱ ካልላከው በቀር። አመስግኚ፣ ሥራውን እንደምትፈልጊው ተናገሪ፣ የጤና ኢንሹራንሱን ዝርዝር እንዲልኩልሽ ጠይቂ፣ መልስሽንም እስከ ዓርብ እንዲያደርጉልሽ ለምኚ። ስለ ቤተስዳው ማንሳት የለብሽም። ውሸትም አይደለም፤ ዝርዝሩ በእርግጥ ያስፈልግሻል።

ምክንያቱም 30 ከ27 ሁልጊዜ አይበልጥም። በዓመት 2,080 የሥራ ሰዓት ብናስብ ልዩነቱ 6,240 ዶላር ነው። ኮንትራት ላይ ግን ባልሠራሽበት ቀን ብዙ ጊዜ አይከፈልሽም። የሮክቪሉ ሁለት ሳምንት የሚከፈል እረፍት ካለው ያ ብቻውን 2,160 ዶላር ነው። በዚያ ላይ የበዓላቱን ቀናት ጨምሪበት። ከዚያ የኤጀንሲው ኢንሹራንስ ከደመወዝሽ በየወሩ ስንት እንደሚቆርጥ ሪክሩተሩን ሰኞ ጠይቂው። ቤተሰብ የሚሸፍን ከሆነ የቀረውን ልዩነት እሱ ሊጨርሰው ይችላል።

ትንሽ ቢሮ ሁለት ቀን መጨመሩ አይከብደውም። ግን አንዴ ብቻ ነው የሚጠየቀው። ዓርብ ደርሶ «እስከ ሰኞ» ብትይ ሌላ ቦታ እየጠበቅሽ እንደሆነ ያውቃሉ። ሪክሩተርን በሳምንት ሁለቴ ብትጠይቂው ሥራው ነው። አሠሪን እንዲህ ብታደርጊው ገና ሳትገቢ ጠባይሽን እየመዘነ ነው። ለወደፊትም ያዢው፦ በራስሽ ያመለከትሽበት ቦታ መልስ ሲዘገይ፣ ቀኑ ካለፈ ሁለት ሦስት የሥራ ቀን ጠብቀሽ፣ ኢንተርቪውሽን ላቀናጀልሽ ሰው አንድ ኢሜይል ላኪ። «ውሳኔው መቼ እንደሚጠበቅ ልታሳውቁኝ ትችላላችሁ?» ይበቃል። ቴክስት አትላኪ። ሰው አታስልኪ።

ዓርብን ከፈቀዱልሽ ያንኑ ቀን ለሪክሩተሩ አሳውቂው፤ ለድርጅቱ የነገረው ረቡዕ ነውና። ካልፈቀዱልሽና እስከ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከቤተስዳ ምንም ካልመጣ፣ እኔ ብሆን የሮክቪሉን እቀበላለሁ። በእጅ ያለው በጽሑፍ ነው። የቤተስዳው ኮንትራት ቢመጣ እንኳን በማንኛውም ሳምንት ሊያልቅ ይችላል። ተቀበልሽ ማለት ግን ለሪክሩተሩ ሳትነግሪ መጥፋት አይደለም። በዕለቱ ጻፊለት። የሒሳብ ሠራተኛ የሚፈልግ ድርጅት ሁሌም ይኖረዋል፤ ስምሽን በበጎ ያነሳዋል።

ማናጀሯን በቀጥታ ማነጋገር የሚቻልበት ጊዜ የለም ወይ? አለ። እሷ ራሷ ከጻፈችልሽ ወይም ከደወለችልሽ መልስ መስጠት ነውር አይደለም። ለጠየቀችሽ ብቻ መልሺ፤ ክፍያ ካነሳች «እሱን ኤጀንሲው ቢነግርሽ ይሻላል» በያት፤ ወዲያውም ለሪክሩተሩ አሳውቂው። ከሌላ ሰው ከሚሰማው ካንቺ ይስማ። ሊንክድኢን ላይ ጥያቄ መላኩ ግን ውሳኔው እስኪታወቅ ይቆይ። እሱም ደጅ ማንኳኳት ነው።

ሪክሩተሩ ጨርሶ ቢጠፋስ? ስልክም ኢሜይልም ባይመልስ፣ መጀመሪያ የምትሄጂው ወደ ድርጅቱ ሳይሆን ወደ ኤጀንሲው ቢሮ ነው። በዚህ ሙያ ሰው ቶሎ ቶሎ ሥራ ይቀይራል። ሪክሩተርሽ ለቅቆ ፋይልሽ ጠረጴዛ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ዋናውን ስልክ ደውለሽ «የዚህን ድርጅት አካውንት የያዘው ማነው?» በዪ። ብዙ ጊዜ እውነተኛው ወሬ እሱ ጋ ነው ያለው።

ኤጀንሲው «ይህ ሥራ ተዘግቷል» ብሎ በጽሑፍ ከነገረሽና ድርጅቱ በኋላ ሌላ ሥራ ካወጣ፣ ያኔ በራስሽ ማመልከት ትችይ ይሆናል። ከማመልከትሽ በፊት ያንን «አዎ» ያልሽበትን ኢሜይል አንብቢ፤ ለአንድ ሥራ ብቻ ነው የሚለው ወይስ ለድርጅቱ በሙሉ፣ ለስንት ወር? ማመልከቻው ላይ «ከዚህ በፊት በኤጀንሲ ቀርበሽ ታውቂያለሽ?» የሚል ጥያቄ ካለ እውነቱን ሙዪ። ስምሽ ሲስተማቸው ውስጥ አለ፤ ይታያቸዋል።

ካርዷን አትጣዪው። ስሟንና የሥራ ድርሻዋን ከሰኞ በፊት ከሱ ላይ ገልብጪ፤ ሪክሩተሩ «ያነጋገረሽ ማን ነበር?» ሊልሽ ይችላል። አካውንት ማናጀሩ በትክክል ማን ጋ እንደሚያጣራ የሚያውቀው ያኔ ነው።